ቻይና ለምትገቡ የወሎ ተማሪዎች፦ ፓስፖርቱ ከእጃችሁ ሳይወጣ የሚያልቁ ሥራዎች

ነሐሴ ሲጋመስ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያና ከከሚሴ የሚመጣልኝ ስልክ ይበዛል። ቪዛው ወጥቷል፣ ቲኬቱ ተቆርጧል፣ ሻንጣው እየተሞላ ነው። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ "እዚያ ስደርስ ከየቱ ልጀምር?" አብሽሩ፣ ሥራው ከባድ አይደለም። ከባድ የሚሆነው ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስድስት ወር በላይ ለሚማር ሰው የሚሰጠው ቪዛ X1 ይባላል። ይህ ቪዛ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ለመግባት ብቻ ነው። ከገባችሁ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ለከተማው ፖሊስ የመግቢያና መውጫ ቢሮ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለባችሁ። ስታመለክቱ ፓስፖርታችሁን ትሰጣላችሁ፣ ፖሊስም ይዞት ይቆያል። ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴ ሦስት። በእነዚያ ቀናት ሲም ካርድ ማውጣት፣ የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ የተሳሳተ ስም ማስተካከል ጭንቅ ነው፤ ሁሉም "ፓስፖርትህን አሳየኝ" ይላልና። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፓስፖርት የሚጠይቀውን ሥራ ሁሉ ጨርሳችሁ፣ ከዚያ ፓስፖርቱን የምታስረክቡባቸው ናቸው።

ከወሎ ሳትወጡ

ቻይና ውስጥ ጂሜል፣ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክና ጉግል በአገሩ መስመር አይከፈቱም። ብዙ ልጅ የቅበላ ደብዳቤውን ጂሜሉ ውስጥ ትቶ ይሄድና እዚያ ሲደርስ ሊያወጣው አይችልም። ሁሉንም ፋይል ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ ከዚያም ደሴ ወይም ኮምቦልቻ እያላችሁ አሳትሙት። ዋናውን የቅበላ ደብዳቤ፣ JW201 ወይም JW202 የሚለውን ቅጽ፣ የጤና ምርመራ ቅጹን ከነላቦራቶሪ ውጤቱና ከነራጅ ፊልሙ፣ ዲፕሎማችሁንና ትራንስክሪፕቱን በእጅ ቦርሳ ያዙ። ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። ሻንጣ አንዳንዴ በማግስቱ ይደርሳል፣ ምዝገባው ግን አይጠብቅም።

ነጭ ጀርባ ያለው የፓስፖርት ፎቶ አንድ ደርዘን ያህል አሳጥቡ። ለዩኒቨርሲቲው፣ ለጤና ምርመራውና ለፖሊሱ ሁሉ ይጠየቃል። የፎቶውን ፋይልም ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

ዊቻት የሚባለውን የቻይና መልእክት መላኪያ እዚሁ ሳላችሁ ክፈቱ። አዲስ አካውንት ሲከፈት ብዙ ጊዜ ቆየት ያለ አካውንት ያለው ሰው ኮድ እንዲያነብላችሁ ይጠይቃል። ቀድሞ የሄደ ተማሪ ይህን ከቻይና ሆኖ ሊያደርግላችሁ ይችላል። ከዚያ የእናታችሁ ወይም የወንድማችሁ ስልክ ላይም ጫኑና ተጨማመሩ፣ አንድ ጊዜም በቪዲዮ ተደዋወሉ። ይህ ካልሆነ በመጀመሪያው ቀን ቤተሰብ "ደረሰ ወይስ አልደረሰም" እያለ ሌሊቱን አይተኛም። ሰዓቱን ለመቁጠር ቀላሉ መንገድ ይኸው። ከቻይናው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ላይ 11 ስትቀንሱ ቤት ያለውን የእኛን ሰዓት ታገኛላችሁ። እዚያ 14:00 ሲል ኮምቦልቻ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው።

ስለ ስንቅ አንድ ነገር ልበል። ሽሮው፣ በርበሬው፣ በሶው ይሄዳል። ቋንጣና ቅቤ ግን አይገባም፤ ሥጋ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ እንቁላል፣ ጥሬ ፍራፍሬና ለዘር የሚሆን እህል በቻይና ጉምሩክ የተከለከለ ነው። እናት ለወራት አስባ ያነጠረችውን ቅቤ ጉምሩክ ላይ መጣል ያሳዝናል። ከወዲሁ ንገሯትና ድካሟን ሽሮው ላይ ታውለው።

ገንዘብ ደግሞ ለሁለት ወር የሚበቃ ያዙ። በቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ የሚሄድ ሰው በወር ለመጀመሪያ ዲግሪ 2,500፣ ለማስተርስ 3,000፣ ለዶክትሬት 3,500 ዩዋን ይከፈለዋል። የመጀመሪያው ክፍያ ግን የባንክ ሒሳብ ተከፍቶ፣ ስም ዝርዝር ተላልፎ ነው የሚገባው። ስለዚህ አንድ የማስተርስ ተማሪ 6,000 ዩዋን ገደማ የሚመነዘር ዶላር በእጁ ቢኖር ይረጋጋል።

አውሮፕላን ማረፊያ

ዩኒቨርሲቲዎች አውሮፕላን ማረፊያ ወይም ባቡር ጣቢያ ላይ የመቀበያ ጠረጴዛ የሚያቆሙት ብዙውን ጊዜ በይፋዊው የምዝገባ ቀናት ብቻ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ወይም ዘግይቶ የደረሰን ሰው ማንም አይቀበለውም። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቀኑን የቅበላ ደብዳቤው ላይ አረጋግጡ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም አትርሱ። ሴፕቴምበር 1 ማለት ነሐሴ 26 ነው። ከዚያ የበረራ ቁጥሩንና የምትደርሱበትን ሰዓት ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ በኢሜይል ላኩ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቤጂንግ፣ ሻንጋይ፣ ጓንጁና ቼንግዱ ያርፋል። ዩኒቨርሲቲያችሁ ሌላ ከተማ ከሆነ የፓስፖርት ቁጥጥሩና ጉምሩኩ የሚያልቀው በመጀመሪያ ባረፋችሁበት ከተማ ነው። ወደ አገር ውስጥ በረራ ወይም ወደ ባቡር ለመቀየር ሰፋ ያለ ጊዜ ተዉ። መስኮቱ ላይ የጣት አሻራ ትሰጣላችሁ፣ የመግቢያ ካርድ ትሞላላችሁ፣ ካርዱም የምታርፉበትን አድራሻ ይጠይቃል። መስኮቱን ሳትለቁ የተመታውን ማኅተም ቀን እዩ። የ30 ቀኑ ቆጠራ ከእሱ ይጀምራል።

የአዳራሹ ዋይፋይ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በስልክ ቁጥር በሚላክ ኮድ ነው። የቻይና ቁጥር ለሌለው ሰው ፓስፖርት አንብቦ ኮድ የሚሰጥ ማሽን በአቅራቢያው ይኖራል፣ ፈልጉት። ተቀባይ ከሌለ "ታክሲ፣ ታክሲ" እያለ አዳራሽ ውስጥ የሚከተላችሁን ሰው እለፉት። ውጭ ወረፋ ያለው መደበኛ ታክሲ በቆጣሪ ይሠራል። ሹፌሩ እንግሊዝኛ ላያውቅ ስለሚችል የዶርሙን አድራሻ በቻይንኛ ፊደል፣ በትልቁ፣ በወረቀት አሳትማችሁ ያዙ። ግቢዎቹ ሰፊ ናቸው፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ የተራራቁ ሁለትና ሦስት ግቢዎች አሉት። የዩኒቨርሲቲው ስም ብቻ አይበቃም፣ የትኛው ግቢ፣ የትኛው በር፣ የትኛው ሕንፃ እንደሆነ ይጻፍ።

የመጀመሪያው 24 ሰዓት

ይህ ክፍል ነው ብዙ የእኛን ልጆች የሚያስቸግረው፤ ምክንያቱም ባህላችን ውስጥ የሌለ ነገር ነው። የቻይና ሕግ ከሆቴል ውጪ የሚያድር የውጭ ዜጋ በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚያድርበት አካባቢ ፖሊስ ጣቢያ እንዲመዘገብ ያዛል። ሆቴል ከሆነ ሆቴሉ ራሱ ይመዘግባል። ዶርም ከሆነ ግማሹ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ይመዘግባል፣ ግማሹ ወረቀት ይሰጥና "ጣቢያ ሂዱ" ይላል። ቁልፍ ስትቀበሉ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፤ "የፖሊስ ምዝገባውን ማን ነው የሚያደርገው?"

አሁን አደገኛውን ሁኔታ እንየው። ልጁ ቅዳሜ ማታ ይደርሳል። የዶርም ቢሮ ዝግ ነው። አስቀድሞ የሄደ የአገሩ ልጅ ውጭ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። "ምን ሆቴል ትላለህ፣ እኔ ጋ እደር" ይለዋል። ወሎዬ እንግዳ ሆቴል አይሰድም። እስከ ሰኞ እዚያው ያድራል። ሰኞ ዶርም ሲገባና ፖሊስ ጋ ሲቀርብ የመግቢያው ማኅተም ቅዳሜ ይላል። የቅዳሜና የእሑድ ሌሊት የት እንደታደረ የሚያሳይ ወረቀት የለም። ለዚህ ሕጉ ማስጠንቀቂያ ወይም እስከ 2,000 ዩዋን የሚደርስ ቅጣት አስቀምጧል። ቅጣቱ ባይመጣ እንኳ ማብራሪያ መጻፍ፣ የቤቱን ባለቤት መጥራት ይመጣል፤ ያስተናገደውም ልጅ አብሮ ይጠየቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ማታ ከደረሳችሁ የውጭ ዜጋ ተቀብሎ የሚመዘግብ ሆቴል እደሩ፣ ከሆቴሉም የምዝገባውን ወረቀት ጠይቁ። ከጓደኛ ቤት ማደር ግድ ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን ፓስፖርታችሁን፣ የቤቱን የኪራይ ውልና የአከራዩን መታወቂያ ቅጂ ይዛችሁ አብራችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ።

ከጣቢያው የሚሰጣችሁ ጊዜያዊ የመኖሪያ ምዝገባ ወረቀት ትንሽ ናት፤ ደረሰኝ ነው የምትመስለው። አትጣሏት። የመኖሪያ ፈቃዱን ስታመለክቱ ያለ እሷ አይሆንም። ስማችሁ፣ የፓስፖርት ቁጥሩና የክፍሉ ቁጥር በትክክል መጻፉን እዚያው አረጋግጡ፣ ፎቶም አንሷት።

ስልክ፣ ባንክና የስማችሁ አጻጻፍ

ቻይና ውስጥ ያለ ስልክ ቁጥር ምንም አይሠራም። የባንክ ሒሳቡ፣ አሊፔይ የሚባለው የስልክ መክፈያ፣ የዩኒቨርሲቲው ሲስተም፣ የብስክሌት ኪራዩ፣ የምግብ ትዕዛዙ ሁሉ ኮድ የሚልከው በቁጥራችሁ ነው። መስከረም አካባቢ ግቢ ውስጥ የቻይና ሞባይል፣ የቻይና ዩኒኮምና የቻይና ቴሌኮም ሻጮች ድንኳን ተክለው ለተማሪ የሚሆን ጥቅል ይሸጣሉ። ዋጋው ከከተማ ከተማ ይለያያል። ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ወርኃዊው ስንት ነው? ቅናሹ ስንት ወር ይቆያል? ለመሰረዝ ምን ያስፈልጋል? ሲሙ የሚወጣው በፓስፖርት ነው፣ ፊታችሁንም ፎቶ ያነሷችኋል። ሌላ ሰው በስሙ ያወጣውን ሲም "ለጊዜው ተጠቀምበት" ቢላችሁ አመስግናችሁ እምቢ በሉ። ባንኩ የሚያየው ቁጥሩ በማን ስም እንደተመዘገበ ነው።

ከዚያ የስም ጉዳይ ይመጣል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። በብዙዎቻችን ፓስፖርት ላይ የአያት ስም ብቻውን በአንድ መስመር፣ የራስና የአባት ስም በሌላ መስመር ተጽፏል። ሻጩ ይህን አያውቅም፣ እንደመሰለው ይጽፋል።

ዘይነባ አሊ ሰይድ የምትባል ተማሪ አለች እንበል። በፓስፖርቷ ሥር፣ ማሽን በሚያነበው መስመር፣ ስሟ እንዲህ ይታያል፦

```
P<ETHSEID<<ZEYNEBA<ALI
```

ከአገሩ ምልክት ከ`ETH` ቀጥሎ፣ ከሁለቱ `<<` ምልክት በፊት ያለው `SEID` የአያቷ ስም ነው፣ ከዚያ በኋላ የእሷና የአባቷ። የሲም ሻጩ `ZEYNEBA ALI SEID` ብሎ መዘገባት። በሁለተኛው ቀን ባንክ ሄደች፤ የባንኩ ሠራተኛ ከታችኛው መስመር አንብቦ `SEID ZEYNEBA ALI` ብሎ ጻፈ። ለሰው ያው ዘይነባ ናት። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው ሆነች። የባንክ ካርዷን ከአሊፔይ ጋር ልታገናኝ ስትሞክር "መረጃው አይመሳሰልም" የሚል መልስ መጣ። ቁጥሩም ትክክል ነው፣ ካርዱም ትክክል ነው፣ የተለየው የስሙ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት ፓስፖርቷን ለፖሊስ አስረክባ ቢሆን ኖሮ እስኪመለስ ድረስ የስልክ ክፍያ የሚባል ነገር አይኖራትም ነበር፤ ምክንያቱም ስም የሚያስተካክለው ሱቅም ባንክም ዋናውን ፓስፖርት ካላየ አይነካውም።

ይህን ለማስቀረት ሲሙን ስታወጡ ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት ስክሪኑን አስዙሩና ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ እዩ። በታችኛው መስመር ቅደም ተከተል፣ በትልቅ ፊደል፣ በስሞቹ መካከል ክፍት ቦታ አድርጎ እንዲጽፍ ንገሩት። ከዚያ ስክሪኑን ወይም ውሉን ፎቶ አንሱ። ባንክ ስትሄዱ ፎቶውን አሳዩና "ልክ እንዲህ" በሉ። ክፍት ቦታው እንኳ ሊያሳስት ስለሚችል በአሊፔይና በዊቻት ላይም እንደ ባንኩ አድርጋችሁ ጻፉ።

የትኛው ባንክ? ዩኒቨርሲቲው ወጪያችሁን የሚከፍልበትን ባንክ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ሌላ ባንክ ከፍታችሁ ድጋሚ እንዳትሰለፉ። አንዳንድ ቅርንጫፍ የመኖሪያ ፈቃድ ካላየ ሒሳብ አይከፍትም፤ ያን ጊዜ ግቢው አጠገብ ያለውን ቅርንጫፍ ሞክሩ። የውጭ ተማሪ ስለለመዱ ብዙ ጊዜ በX1 ቪዛና በቅበላ ደብዳቤ ይከፍታሉ። ዶላር መመንዘሩንም እዚያው ባንክ ውስጥ በፓስፖርት ጨርሱት።

የዩኒቨርሲቲው ምዝገባና የተማሪ ካርዱ

ይህኛው ቀላል ነው። ዋና ዋና ወረቀቶቹን ታሳያላችሁ፣ ፎቶ ትሰጣላችሁ፣ በራሱ የሚከፍል ተማሪ የዓመቱን ኢንሹራንስ 800 ዩዋንና የትምህርት ክፍያውን ይከፍላል። ለስኮላርሺፕ ተማሪ ግን አንድ ቀን አለ፤ ከሴፕቴምበር 15 በፊት ወይም በዕለቱ የተመዘገበ የወሩን ሙሉ ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ የተመዘገበ ግማሹን። "እንቁጣጣሽን ከቤተሰብ ጋር ላሳልፍና ልሂድ" የሚል ልጅ በየዓመቱ አለ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ዘግይቶ የመጣን ላይቀበል ስለሚችል ይህን አልመክርም።

የተማሪ ካርዱ ምግብ ቤቱን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የግቢውን በር፣ በአንዳንድ ዶርም የሻወሩን ሙቅ ውኃ ጭምር የሚከፍት ነው። ገንዘብ ይሞላበታል። ካርዱ እስኪወጣ ጥቂት ቀን ስለሚፈጅ ጊዜያዊ ካርድ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። አብዛኛው ግቢ የሙስሊም ምግብ ቤት ወይም መስኮት አለው፤ አረንጓዴ ምልክትና የዓረብኛ ጽሑፍ ያለበትን ፈልጉ። በጾም ወቅት ለክርስቲያኑ ልጅም ጥሩ የአትክልትና የቶፉ ምግብ አይጠፋም፣ ግን በሥጋ መረቅ የተሠራ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የጤና ምርመራው

ከአገር ቤት ያመጣችሁትን ምርመራ የጉምሩኩ ዓለም አቀፍ የጉዞ ጤና ማዕከል ይመለከተዋል። ተሟልቶ ከተገኘ ያረጋግጥላችኋል፣ ካልሆነ እዚያው ድጋሚ ትመረመራላችሁ። ውድቅ የሚያደርጉት ምክንያቶች ተመሳሳይ ናቸው፦ ፎቶው ላይ የሆስፒታሉ ማኅተም አላረፈም፣ ከምርመራዎቹ አንዱ ባዶ ነው፣ ዋናው የደም ውጤት የለም፣ ወይም ስድስት ወር አልፎታል። ስለዚህ አገር ቤት ሆስፒታል ስትጨርሱ ቅጹን አንድ በአንድ እዩት፤ ማኅተሙ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ መሆን አለበት።

ድጋሚ የምትመረመሩ ከሆነ ከሌሊቱ ጀምሮ ምግብ አትብሉ፣ ጠዋትም ቁርስ የለም። ደም፣ ሽንት፣ ራጅ፣ የልብ ምርመራ ይኖራል። ነፍሰ ጡር የሆነች እህት ራጅ ከመነሳቷ በፊት መናገር አለባት። ውጤቱ ጥቂት የሥራ ቀናት ስለሚወስድ ይህን ከምዝገባው ቀጥሎ አድርጉት እንጂ ወደ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አትግፉት።

ፓስፖርቱ የሚገባበት ቀን

ሴፕቴምበር 2 ቀን፣ ማለትም ነሐሴ 27 የገባ ልጅ 30 ቀኑ የሚያልቀው ኦክቶበር 2 ላይ ነው። ወረቀት ላይ ረጅም ጊዜ ይመስላል። ነገር ግን ከኦክቶበር 1 ጀምሮ የቻይና ብሔራዊ በዓል ነው፣ ቢሮዎች ለቀናት ይዘጋሉ። ስለዚህ የእሱ እውነተኛ ቀነ ገደብ ሴፕቴምበር 30፣ ማለትም መስከረም 20 ነው፤ እስከዚያ ያለው ወረፋም ረጅም ነው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ማመልከት ነው የሚሻለው።

ይዛችሁ የምትሄዱት ፓስፖርት፣ የፖሊስ ምዝገባ ወረቀቷ፣ የጤና ማረጋገጫው፣ የቅበላ ደብዳቤውና የJW ቅጹ፣ ከዩኒቨርሲቲው የሚሰጥ ደብዳቤና ፎቶ ነው። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ፈቃድ ክፍያው 400 ዩዋን፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለው 800 ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ሰብስቦ አንድ ላይ ይወስዳል። የስም ዝርዝሩ ውስጥ መኖራችሁን ግን ራሳችሁ አረጋግጡ።

ከማስረከባችሁ በፊት በነበረው ምሽት ይህን ራሳችሁን ጠይቁ። ሲሙ በስሜ ነው? የባንክ ካርዱ በእጄ ገብቷል? አሊፔይ ላይ ተገናኝቶ አንድ ጊዜ ከፍዬበታለሁ? የሲሙና የባንኩ ስም አንድ ነው? ለአንዱ እንኳ መልሱ "አይ" ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ፤ በ30 ቀኑ ውስጥ እስካላችሁ አንድ ሁለት ቀን ብትዘገዩ ምንም አይደለም። የፓስፖርቱን የመረጃ ገጽ፣ የቪዛውን ገጽና የመግቢያ ማኅተሙን ፎቶ አንሱ፣ በወረቀትም ቅጂ ያዙ።

ፖሊስ ፓስፖርቱን ሲቀበል ፎቶ ያለበት ደረሰኝ ይሰጣል። ፓስፖርቱ እስኪመለስ ድረስ በሕጋዊ መንገድ እንደምትኖሩ የሚያሳየው እሱ ነው፣ ከኪሳችሁ አይለይ። የበዓሉ ሳምንት ላይ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ ካሰባችሁ ባቡሩም ሆቴሉም ደረሰኙን እንደሚቀበሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ፓስፖርቱ ሲመለስ ፈቃዱ ላይ ያለውን ስም፣ የፓስፖርት ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን መስኮቱ ፊት ቆማችሁ አንብቡ። በብዙ ከተማ አዲሱን ፈቃድ ይዞ ወደ ሠፈሩ ፖሊስ ጣቢያ ተመልሶ ምዝገባውን ማሳደስ ይጠየቃል፤ ክፍል ስትቀይሩም እንዲሁ። የሚያበቃበትን ቀን ስልካችሁ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፣ ማስታወሻውንም ከ40 ቀን በፊት እንዲጮህ አድርጉት፤ የማራዘሚያው ማመልከቻ መግባት ያለበት ፈቃዱ ሊያልቅ 30 ቀን ሲቀረው ነው።